“አይከፈልም” የሚለው ደብዳቤ

የመድን ካሳ የጠየቀ ሰው የሚደርሰው የውድቅ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚል ነው፦

“ጉዳዩ፦ የካሳ ጥያቄን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው ያቀረቡት የካሳ ጥያቄ ተመርምሮ በመድን ውሉ መሠረት ሽፋን የሌለው መሆኑ ስለተረጋገጠ ጥያቄዎን ያልተቀበልን መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን። ከሰላምታ ጋር።”

ደብዳቤው ቁጥርና ቀን አለው፣ ፊርማና ማኅተምም አርፎበታል። አክብሮትም አልጎደለውም። ውሳኔው ራሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ተቀባዩ ግን አንብቦ ሲጨርስ የሚያውቀው ገንዘቡ እንደማይከፈለው ብቻ ነው። የትኛው የውል አንቀጽ እንዳስቀረበት፣ አንቀጹን የነካው የትኛው ድርጊት እንደሆነ፣ “ተረጋገጠ” የተባለውን ያረጋገጠው ማን እንደሆነ፣ ካልተስማማ የት እንደሚሄድ አልተነገረውም። ስለዚህ የቀረለት መንገድ ቢሮው ድረስ ሄዶ መጮህ ወይም የሚያውቀውን ሰው መፈለግ ብቻ ነው።

ይህ ምዕራፍ የሚያሳየው የዚህን ደብዳቤ ተቃራኒ እንዴት መጻፍ እንደሚቻል ነው። መመዘኛችን አንድ ነው። ደንበኛው ሌላ ሰነድ ሳያገላብጥ፣ ደብዳቤውን ብቻ በእጁ ይዞ፣ በቂ የቅሬታ ማመልከቻ መጻፍ ከቻለ ደብዳቤው ፍትሐዊ ነው። ደብዳቤው ውሳኔውን ለመከላከል ብቻ ከተጻፈ ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ ውሳኔው የተንጠለጠለበትን እያንዳንዱን ማያያዣ ማሳየት አለበት። ደንበኛው አንዱ ማያያዣ የላላ መስሎ ከታየው ጣቱን የሚያሳርፍበትን ቦታ ማወቅ ይገባዋል።

የምንሠራበት ጉዳይ

ጉዳዩን ለማሳያ ያዋቀርኩት እኔ ነኝ፤ የተሠራበት ነገር ግን በጭነት መኪና መድን ዘወትር የሚያጋጥም ነው።

አንዲት ባለንብረት የጭነት መኪናዋን በሙሉ ሽፋን፣ በተለምዶ ኮምፕሪሄንሲቭ በሚባለው ውል አስመድናለች። ሊብሬው ላይ የተመዘገበው የመጫን አቅም 50 ኩንታል ነው። መኪናው ከደርባ አካባቢ ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲጓዝ፣ ጎሃ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አልይዝ አለ። መንገድ ዳር የቆመ ሚኒባስ ጎን ገጭቶ ተገለበጠ። ሰው አልሞተም። የመኪናው የጥገና ግምት 1,150,000 ብር ሆነ።

የመጫኛ ሰነዱ 160 ከረጢት ይላል። አንድ ከረጢት ግማሽ ኩንታል ስለሆነ ጭነቱ 80 ኩንታል ነበር፤ ከተፈቀደው በ30 ኩንታል ይበልጣል። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት መኪናው “ከፍጥነት ወሰን በላይ” ይጓዝ እንደነበር ይጠቅሳል። ባለንብረቷ ደግሞ ከአደጋው 3 ሳምንት በፊት ፍሬኑ መታደሱን የሚያሳይ የጋራዥ ደረሰኝ አቅርባለች። “መኪናዬን አልበደልኩም፤ ፍሬን ድንገት ቢበላሽ ጥፋቱ የእኔ አይደለም” ትላለች።

የካሳ ክፍሉ ባለሙያ ጥያቄውን ውድቅ ለማድረግ አስቧል። ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ግን የሚያጣራቸው ነገሮች አሉ።

ከመጻፍ በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ አደጋው በጠቅላላው ከሽፋኑ ክልል ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ነው። ግጭትና መገልበጥ በሙሉ ሽፋን ውል ውስጥ ይካተታሉ፤ ውሉም በአደጋው ቀን የጸና ነበር፤ አረቦኑም ተከፍሏል። ስለዚህ መነሻው “ሽፋን አለ” ነው። መድን ገቢዋ ማስረዳት የሚጠበቅባት እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚህ በኋላ ኩባንያው “ሽፋኑን የሚያስቀር ልዩ አንቀጽ አለ” ካለ፣ አንቀጹ ለዚህ አደጋ እንደሚሠራ የማስረዳት ሸክሙ የራሱ የኩባንያው ነው። ብዙ ደካማ ደብዳቤዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው “ሽፋን እንዳለው አላስረዳም” ይላሉ፤ ማስረዳት የነበረበት ግን ጸሐፊው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ አንቀጹ ይዘት ነው። ከመጠን በላይ መጫንን የሚመለከቱ አንቀጾች በሁሉም ኩባንያ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ “ከተፈቀደው በላይ ጭኖ ሳለ ለሚደርስ ጉዳት” ብሎ ያቆማል። ሌላው “ከመጠን በላይ መጫኑ ለአደጋው መንስኤ ከሆነ” የሚል ሐረግ ይጨምራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለባለንብረቷ የ1,150,000 ብር ልዩነት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ዓይነት መጫኑን ማሳየት ሊበቃ ይችላል። በሁለተኛው ግን ኩባንያው ጭነቱና አደጋው መያያዛቸውንም ማሳየት አለበት። በእኛ ጉዳይ ያለው ሁለተኛው ዓይነት ነው እንበል።

ሦስተኛው፣ ማስረጃው የሚናገረው ስለ የትኛው ሰዓት ነው? የመጫኛ ሰነዱ መኪናው ሲነሳ 160 ከረጢት እንደያዘ ያሳያል። አደጋው የደረሰው ግን ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ ነው፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ፍቼ አለች። ሾፌሩ እዚያ ግማሹን አውርዶ ቢሆንስ? የኩባንያው መሐንዲስ በአደጋው ቦታ የተበተኑትን ከረጢቶች ቆጥሮ 154 ሙሉና የተቀደዱ ከረጢቶች ማግኘቱ ጉዳዩን ይዘጋዋል። ቆጠራው ባይኖር ኖሮ መጻፍ የነበረበት የውድቅ ደብዳቤ ሳይሆን ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነበር። ማስረጃ ያልተሟላለት ጥያቄና ተመርምሮ የወደቀ ጥያቄ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ መቀላቀል ደንበኛው ወረቀት ያምጣ ወይስ ይከራከር እንዳያውቅ ያደርገዋል።

አንቀጹን መጥቀስ

“በውሉ መሠረት” የሚለው አነጋገር ምንም አይጠቅስም። ውሉ ብዙ ገጽ ነው። ትክክለኛው አጠቃቀስ የውሉን ክፍል፣ የአንቀጹን ቁጥርና የገጹን ቁጥር ይሰጣል፤ ቀጥሎም አንቀጹን በሙሉ፣ ቃል በቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስቀምጣል።

ቃል በቃል መሆኑ የሚያስፈልገው ጸሐፊው አንቀጹን በራሱ አባባል ሲያሳጥር ሳያስበው ለራሱ ስለሚያዳላ ነው። “ውሉ ከመጠን በላይ የጫነ ተሽከርካሪን አይሸፍንም” ብሎ ቢጽፍ “መንስኤ ከሆነ” የሚለው ቅድመ ሁኔታ ጠፍቷል። ደንበኛዋም በዚያ ነጥብ መከራከር እንደምትችል ሳታውቅ ትቀራለች። በተለይ “ነገር ግን” ወይም “ካልሆነ በስተቀር” የሚል የአንቀጽ ጅራት ፈጽሞ መቆረጥ የለበትም፤ ደንበኛውን የሚጠቅመው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ብዙ የመድን ፖሊሲዎች የታተሙት በእንግሊዝኛ ነው፤ ደብዳቤው ግን የሚጻፈው በአማርኛ ነው። በዚህ ጊዜ ዋናውን ጽሑፍ እንዳለ አያይዞ፣ አማርኛውን ከሥሩ አስቀምጦ፣ ጸንቶ የሚቆጠረው የትኛው እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። አማርኛውን ብቻ የሰጠ ጸሐፊ፣ ደንበኛዋ ከፖሊሲዋ ጋር ልታመሳክረው የማትችለውን ነገር አቅርቦላታል።

የሚጠቀሰው ውል በአደጋው ቀን የጸናው እትም መሆኑንም ማየት ይገባል። ውሉ ሲታደስ አንቀጹ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ባለንብረቷ ተጨማሪ አረቦን ከፍላ በአባሪ ውል አንዱን ገደብ አስነስታ ይሆናል። አባሪው በሌላ ፋይል ተቀምጦ ሳለ በዋናው ውል ብቻ የተጻፈ ውድቅ ደብዳቤ፣ የተጠቀሰው አንቀጽ ቁጥር ትክክል ቢሆንም፣ ውሳኔው ስሕተት ነው።

ምክንያቱን ማስረዳት

አንቀጹን ጠቅሶ በቀጥታ “ስለዚህ ጥያቄዎን አልተቀበልንም” ማለት የተለመደ ነው። በአንቀጹና በውሳኔው መካከል ግን የጎደለ ነገር አለ፤ የተፈጸመው ነገር ከአንቀጹ ቃላት ጋር የሚገናኝበት መንገድ። የእኛ አንቀጽ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ከአቅም በላይ መጫንን እና መንስኤነትን። ደብዳቤውም ሁለቱን ለየብቻ ማስረዳት አለበት።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሊብሬው 50 ኩንታል ይላል፤ የመጫኛ ሰነዱ 80 ኩንታል ያሳያል፤ የመሐንዲሱ ቆጠራ ይህን ይደግፋል። ሁለተኛው ከበድ ይላል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ ድረስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ የሚያፍነው ኃይል ሁሉ ሙቀት ይሆናል፤ የሙቀቱም መጠን በመኪናውና በጭነቱ ጠቅላላ ክብደት ልክ ይጨምራል። ባዶው መኪና 4,000 ኪሎ ከሆነ፣ በተፈቀደው ጭነት 9,000 ኪሎ ይመዝናል፤ በዚያ ቀን ግን 12,000 ኪሎ ነበር። ፍሬኑ በዚያው መንገድና በዚያው ፍጥነት አንድ ሦስተኛ የበለጠ ሙቀት መሸከም ነበረበት ማለት ነው። ከልክ በላይ የጋለ ሸራ መያዝ ይሳነዋል። መሐንዲሱም ታምቡሮቹ በሙቀት ቀለማቸው ተለውጦ፣ ሸራዎቹ ላያቸው እንደ መስታወት አብረቅርቆ አግኝቷል፤ የፍሬን ዘይት ግን አልፈሰሰም፤ የተቆረጠ ቱቦም የለም።

ይህ ማብራሪያ በደብዳቤው ውስጥ ሲገባ አጭር ይሆናል፤ መኖሩ ግን ግድ ነው። ደንበኛዋ የምትከራከረው በዚህ ላይ ነውና።

ቀጥሎ ደንበኛዋ ላቀረበችው ምላሽ መስጠት ያስፈልጋል። የጋራዥ ደረሰኙን ዝም ብሎ ማለፍ “አላነበቡትም” ያሰኛል፤ አልፎ አልፎም እውነት ነው። ፍትሐዊ ደብዳቤ ደረሰኙን ይጠቅሳል፤ ምን እንደሚያስረዳና ምን እንደማያስረዳም ይለያል። ፍሬኑ በቅርቡ መታደሱን ያስረዳል፤ ኩባንያውም ይህን ይቀበላል። አዲስ የታደሰ ፍሬን መጋሉ ግን ከክብደቱ ጋር የሚስማማ እንጂ የሚጻረር አይደለም። እዚህ ላይ ሐቀኛው ጸሐፊ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ጋራዡ የገጠመው ዕቃ ጉድለት ነበረው የሚል የሙያ ማስረጃ ከቀረበ ድምዳሜው ሊለወጥ እንደሚችል። ይህ ድክመትን ማጋለጥ አይደለም፤ ደንበኛዋ ፍሬ በማያፈራ ክርክር ጊዜዋን እንዳታጠፋ በር ማሳየት ነው።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። የቢሮ አማርኛችን አድራጊውን የሚሸሽግ ግሥ ይወዳል፤ “ተረጋግጧል”፣ “ታምኖበታል”፣ “ተደርሶበታል”። በውድቅ ደብዳቤ ውስጥ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ግሥ የተሰወረ ማስረጃ ነው። “መሐንዲሳችን ጥር 14 ቀን በቦታው ተገኝቶ 154 ከረጢት ቆጥሯል” ሲባል ደንበኛዋ ማንን እንደምትጠይቅ፣ የትኛውን ሪፖርት እንደምትፈልግ ታውቃለች። “ከአቅም በላይ መጫኑ ተረጋግጧል” ከተባለች ግን የምትይዘው ነገር የለም።

የማያስፈልጉ ምክንያቶች

አሁን ባለሙያው ፈተና ላይ ነው። ፋይሉ ውስጥ የፖሊስ ሪፖርት አለ፤ “ከፍጥነት ወሰን በላይ” ይላል። ለማጠናከር ያህል “አደጋው የደረሰው በሾፌሩ ቸልተኝነት በመሆኑም ጭምር” ብሎ መጨመር ያምረዋል።

መጨመር የለበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍል፣ ሌሎች የሕጉ ክፍሎች በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ከተተኩ በኋላም፣ በሥራ ላይ ነው። የሕጉ አንቀጽ 663 መድን ሰጪው በቸልተኝነት የሚደርስን አደጋ ጭምር እንደሚሸፍን፣ የማይሸፍነው ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት መሆኑን ይደነግጋል። መድን የሚገባውም በአብዛኛው ለዚሁ ነው፤ ሰው የማይዘነጋ ቢሆን ኖሮ የግጭት መድን ባላስፈለገ ነበር። ስለዚህ የሾፌሩ ፍጥነት ብቻውን የመከልከያ ምክንያት አይሆንም፤ ውሉ ውስጥ የሚመለከተው አንቀጽ ካልተገኘ ደብዳቤው ውስጥ መግባት የለበትም።

ምክንያት መደራረብ ደብዳቤውን የሚያጠነክረው ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ማድከም ነው። ደንበኛዋ ደካማውን ምክንያት ይዛ ትከራከራለች፤ እሱ ሲወድቅ ጠንካራውም አብሮ ይጠረጠራል። ግን ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ አንዱን ምክንያት ጽፎ ሌላውን “ቢከራከሩ በኋላ እናነሣዋለን” ብሎ በኪስ መያዝ። ይህ ደንበኛዋን ለአንድ ክርክር አዘጋጅቶ በሌላ መምታት ነው። ደንቡ እንዲህ ይሁን፤ ኩባንያው በእርግጥ የተደገፈባቸው ምክንያቶች ሁሉ፣ እነሱም ብቻ፣ በመጀመሪያው ደብዳቤ ይጻፉ።

ያልተከለከለውንም መለየት ያስፈልጋል። ባለንብረቷ የመኪናዋን ጥገና መከልከሏ የሚኒባሱን ባለቤት ጥያቄ አይዘጋም። የሦስተኛ ወገን ጉዳት የሚታየው በአዋጅ በሚገዛው አስገዳጅ መድንና በውሉ የሦስተኛ ወገን ክፍል ነው። ደብዳቤው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልለየ ባለንብረቷ “ሁሉም ቀረ” ብላ ታስባለች፤ የሚኒባሱ ባለቤትም በከንቱ ይመላለሳል።

ካልተስማሙ

አብዛኛው ደብዳቤ የሚቆመው እዚህ ከመድረሱ በፊት ነው። ቢጨምርም “ቅሬታ ካለዎት ማቅረብ ይችላሉ” ይላል። ለማን? በምን? እስከ መቼ? ለመቅረት የተጻፈ ግብዣ ይመስላል።

በኢትዮጵያ ለመድን ገቢ ያሉት መንገዶች አራት ያህል ናቸው። የመጀመሪያው ኩባንያው ራሱ ነው። ቅሬታው መታየት ያለበት ግን ውሳኔውን በሰጠው ባለሙያ ሳይሆን ከእሱ በላይ ባለ ወይም ከጉዳዩ ነጻ በሆነ ሰው ነው፤ ደብዳቤውም የዚያን ክፍል ስም፣ ሕንፃና ስልክ፣ መልስ የሚሰጥበትንም ጊዜ ይጥቀስ።

ሁለተኛው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ኩባንያዎቹን የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ደብዳቤው ግን ባንኩ ተቆጣጣሪ እንጂ ፍርድ ቤት እንዳልሆነ በግልጽ ቢናገር ይሻላል፤ የውል ክርክርን የመጨረሻ እልባት ፈልጎ እዚያ የሄደ ሰው ጊዜው እያለቀበት ሊጠብቅ ይችላልና።

ሦስተኛው ግልግል ነው፤ ብዙ የሞተር መድን ውሎች የግልግል አንቀጽ አላቸው። በዚህ ውል ውስጥ ካለ ቁጥሩና ይዘቱ ይጠቀስ። አራተኛው መደበኛ ፍርድ ቤት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት የጊዜ ገደቡ ነው። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ቆጠራው የሚጀምረው አደጋው ከደረሰበት ወይም ተጠቃሚው አደጋውን ካወቀበት ቀን እንጂ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን አይደለም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ምርመራው 8 ወር ከፈጀ ከ2 ዓመቱ የቀረው 16 ወር ነው፤ በቅሬታ ሲመላለሱ ሌላው ይሄዳል። ደብዳቤው ገደቡን ሳይጠቅስ ቢቀር ኩባንያው በደንበኛው አለማወቅ የሚያተርፍ ይመስላል። ቢጠቅስ ግን ማንም በዚያ ምክንያት ሊወቅሰው አይችልም።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ተመሳሳይ ደብዳቤ በሌላ ሕግ ሥር ይደርሳቸዋል፤ ማነጻጸሩም ያስተምራል። በአሜሪካ አሠሪ በሚሰጠው የጤና ሽፋን ላይ የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው ኤሪሳ በሚባለው ሕግ ሥር ያለው ደንብ፣ የውድቅ ማስታወቂያው የተለየውን ምክንያት፣ ምክንያቱ የተመሠረተበትን የዕቅዱን አንቀጽ፣ ጥያቄውን ለማሟላት ምን እንደጎደለና ለምን እንደሚያስፈልግ፣ እንደገና የማሳየት ሥርዓቱን ከነጊዜ ገደቡ እንዲገልጽ ያስገድዳል። የጤና ጥያቄ የወደቀበት ሰው ይግባኝ ለማለት ቢያንስ 180 ቀን አለው። በብሪታንያ ደግሞ ኩባንያው ለቅሬታ በ8 ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ መልሱን መስጠት ይጠበቅበታል፤ ደንበኛውም በዚያ መልስ ካልረካ በ6 ወር ውስጥ ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው መሄድ እንደሚችል በመልሱ ላይ ይጻፍለታል። ሁለቱም ሥርዓቶች የመከለሻ መንገዱን የሚቆጥሩት የውሳኔው አካል አድርገው ነው።

ደብዳቤው

አሁን ሁሉንም እናገናኝ። አንቀጹ ለማሳያ የተዋቀረ ነው።

“ጉዳዩ፦ የጭነት መኪናዎ የጥገና ካሳ ጥያቄን ይመለከታል

የተከበሩ ደንበኛችን፣

ጥር 12 ቀን ዓባይ በረሃ ላይ በመኪናዎ ላይ ለደረሰው ጉዳት ያቀረቡትን የ1,150,000 ብር የጥገና ካሳ ጥያቄ መክፈል እንደማንችል በዚህ ደብዳቤ እናሳውቃለን። ምክንያታችን አንድ ነው፤ መኪናው ከተፈቀደለት በላይ ጭኖ ነበር፤ ይህም ለአደጋው መንስኤ ሆኗል ብለን ደምድመናል።

የተመሠረትንበት አንቀጽ በውልዎ ክፍል 1፣ አንቀጽ 4(ለ)፣ ገጽ 6 ላይ ይገኛል። ሙሉ ቃሉ ይህ ነው፦ ‘ተሽከርካሪው በሊብሬው ከተመዘገበው የመጫን አቅም በላይ ጭኖ ሳለ ለሚደርስበት ጉዳት፣ ከመጠን በላይ መጫኑ ለአደጋው መንስኤ ከሆነ፣ መድን ሰጪው ተጠያቂ አይሆንም።’

ስለ ጭነቱ፦ የሊብሬው አቅም 50 ኩንታል ነው። የመጫኛ ሰነዱ 160 ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም 80 ኩንታል ያሳያል። መሐንዲሳችን ጥር 14 ቀን በአደጋው ቦታ 154 ከረጢት ቆጥሯል።

ስለ መንስኤው፦ መሐንዲሳችን የፍሬን ታምቡሮቹና ሸራዎቹ ከልክ ያለፈ ሙቀት እንዳገኛቸው አይቷል። የዘይት መፍሰስ ወይም የተቆረጠ ቱቦ አላገኘም። በረጅም ቁልቁለት ላይ ከተፈቀደው በ30 ኩንታል የበለጠ ጭነት ፍሬኑን ከአቅሙ በላይ እንዳጋለው ደምድሟል። ሪፖርቱ ተያይዟል።

ያቀረቡትን የጋራዥ ደረሰኝ አይተናል። ፍሬኑ ከአደጋው በፊት መታደሱን እንቀበላለን። ሆኖም ደረሰኙ ፍሬኑ በሌላ ምክንያት መበላሸቱን አያሳይም።

ይህ ውሳኔ የመኪናዎን ጥገና ብቻ ይመለከታል። የሚኒባሱ ባለቤት ያቀረቡት ጥያቄ በተናጠል እየታየ ነው።

ከጭነቱ ከፊሉ ከአደጋው በፊት መውረዱን የሚያሳይ የርክክብ ሰነድ፣ ወይም የፍሬኑ ብልሽት ከክብደት ጋር ያልተያያዘ መሆኑን የሚገልጽ የሌላ መሐንዲስ ሪፖርት ካለዎት ውሳኔያችንን እንደገና እናያለን።

በውሳኔው ካልተስማሙ ለዋናው መሥሪያ ቤት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል በጽሑፍ ማመልከት ይችላሉ። ማመልከቻውን የሚያየው በዚህ ውሳኔ ያልተሳተፈ ባለሙያ ነው፤ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይሰጥዎታል። ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የመድን ተቆጣጣሪ ክፍል አቤቱታ ማቅረብም ይችላሉ፤ ባንኩ ግን ፍርድ ቤት አይደለም። በውልዎ አንቀጽ 11 መሠረት ጉዳዩን ወደ ግልግል መውሰድ፣ ወይም ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላሉ። በንግድ ሕግ አንቀጽ 674 ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ አደጋው ከደረሰበት ወይም ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ቅሬታዎን ለእኛ ማቅረብዎ ይህን ጊዜ ያቆመዋል ብለው አይጠብቁ።

ስለ ደብዳቤው ጥያቄ ካለዎት በሚከተለው ስልክ ያግኙን።”

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ብዙም አይዘልም። ውሳኔው በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይገኛል፤ ደንበኛዋ እስከ መጨረሻው አንብባ “አይከፈልም” የሚለውን መፈለግ የለባትም። “በመከሰቱ እናዝናለን” የሚል ሐረግ አልገባበትም፤ ቢገባ ነውር የለውም፣ ምክንያት የሚሰጠውን ቦታ እንዳይወስድ ብቻ መጠንቀቅ ነው። ደብዳቤው በእጅ ሲሰጥ የተቀበለችበት ቀን ይፈረምበት፤ በፖስታ ከሆነ በአደራ ደብዳቤ ይላክ። መሐንዲሱ የጻፈው ሪፖርት አብሮ መሄዱም ግድ ነው፤ ያልታየ ሪፖርት አይሞገትም።

ደብዳቤው እምቢ ሲል

አሁን አንድ ነገር እንለውጥ። መኪናው ያው 80 ኩንታል ጭኗል፤ አንቀጹም ያው ነው። ነገር ግን አደጋው ሲደርስ ጎሃ ጽዮን ከተማ ውስጥ በትክክል ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩ ምሳ ሲበላ ሌላ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨው። ባለሙያው ያንኑ ደብዳቤ ለመጻፍ ይቀመጣል። አንቀጹን ይጠቅሳል፤ ይችላል። የጭነቱን ማስረጃ ይዘረዝራል፤ ይህንንም ይችላል። “ስለ መንስኤው” ላይ ሲደርስ ግን የሚጽፈው ያጣል። የቆመ መኪና ከኋላ መገጨቱን ጭነቱ እንዴት አመጣው?

በአሮጌው ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ይህ ክፍተት አይታይም ነበር። “ከአቅም በላይ መጫኑ ስለተረጋገጠ” ተብሎ ጥያቄው ይወድቅ ነበር፤ ባለንብረቷም ከመጠን በላይ መጫኗን ስለምታውቅ አፍራ ዝም ትል ነበር። የተሟላው ደብዳቤ ግን ጸሐፊውን ራሱን ያስቆመዋል። “ስለ መንስኤው” የሚለውን አንቀጽ በእውነት መጻፍ ካልተቻለ የሚጻፍ የውድቅ ደብዳቤ የለም፤ ፋይሉ መመለስ ያለበት ወደ ክፍያ ነው።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው የካሳ ክፍል ኃላፊዎች ቢያደርጉት የሚጠቅም አንድ አሠራር አለ። ውሳኔውን አጽድቆ ደብዳቤውን በኋላ ማስጻፍ ይቅርና፣ ባለሙያው ሙሉውን ደብዳቤ በረቂቅ ጽፎ ያምጣ፤ ኃላፊው የሚያጸድቀው ረቂቁን አንብቦ ይሁን። ሲያነብም የደንበኛዋን ቦታ ይዞ፣ ከደብዳቤው ሌላ ምንም ሳያይ፣ “በዚህ ላይ ምን ብዬ እቃወም ነበር?” ብሎ ይጠይቅ። የሚቃወምበት ነገር ካገኘና ደብዳቤው መልስ ከሌለው፣ ጉድለቱ ከአጻጻፉ ይሁን ከውሳኔው ለማወቅ ፋይሉን እንደገና መክፈት አለበት። ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ይህን ማድረግ የሚወስደው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከወጣ በኋላ ግን በግልግል ወይም በችሎት ወራት ይፈጃል።